10 ሚሊዮኑ ትርፍ ከየት መጣ? ለኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የቦርዱ አመራሮችና ባለሙያዎች፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ወደ አዳማ ከሚወስደው ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም አልርቅም። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ገላን አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዓመት ሂሳብ ስዘጋ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከደመወዜ እየቆጠብኩም በአንድ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ ጥቂት አክሲዮን ገዝቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ማኅበር ሪፖርት ነው። ስሙን አልጠቅስም። ቁጥሮቹንም ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። የነገሩን መልክ ግን አልቀየርኩትም።

በመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት አንዲት ጎረቤቴ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልጆቻቸው ከውጭ የላኩላቸውን ብር ነው አክሲዮን የገዙበት። ሰብሳቢው «የዘንድሮ ትርፋችን 16 ሚሊዮን ብር ነው» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። መምህርቷም አጨበጨቡ። እኔ ግን የሪፖርቱን የኋላ ገጾች እያገላበጥኩ ነበር። ከ16 ሚሊዮኑ ውስጥ 10 ሚሊዮኑ «በፋይናንስ ንብረት ላይ የታየ የፌር ቫልዩ ጭማሪ» ይላል። ቀሪው 6 ሚሊዮን ነው ማኅበሩ ሠርቶ ያገኘው።

ታክሲ ውስጥ ሆነን መምህርቷ ጠየቁኝ። «ይሄ 10 ሚሊዮን ባንክ ገብቷል?» አልገባም። «ታዲያ ከየት መጣ?» ያን ቀን ጥሩ መልስ አልሰጠኋቸውም። ቤቴ ገብቼ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። መልሱን ያገኘሁት ያን ዕለት ማታ ነው። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ነው አሁን ለእናንተም የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበራችን በሌላ አንድ አምራች ድርጅት ውስጥ 20,000 አክሲዮን አለው። የእያንዳንዱ የመነሻ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ያ ድርጅት ገበያ ላይ አልተመዘገበም። አክሲዮኑ በየቀኑ አይሸጥም፣ አይገዛም። ማኅበራችን ግን በዓለም አቀፉ የሪፖርት መመሪያ መሠረት ይህን አክሲዮን በፌር ቫልዩ ማስቀመጥ አለበት። ፌር ቫልዩ ማለት በሪፖርቱ ቀን ንብረቱ ቢሸጥ የሚገኘው ዋጋ ነው። ሻጩ ተገዶ ሳይሆን በወጉ፣ ነገሩን ለሚያውቅ ገዢ ሲሸጥ ማለት ነው። የተገዛበት ዋጋ አይደለም። ባለቤቱ ይገባኛል የሚለው ዋጋም አይደለም።

ይህን ዋጋ እንዴት እንደምናገኘው የሚደነግገው የዚሁ ዓለም አቀፍ መመሪያ ክፍል የሆነው አይኤፍአርኤስ 13 ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከጥር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ዋጋው የተሠራበትን መረጃ በሦስት እርከን ይከፍላል። እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ሌቭል 1፣ ሌቭል 2፣ ሌቭል 3 እንላቸዋለን።

ለመምህርቷ በኮንዶሚኒየም ነው ያስረዳኋቸው። ቤት የፋይናንስ ሰነድ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ይገባል። የሳቸውን ቤት ዋጋ ማወቅ ቢፈልጉ ምን ያደርጋሉ? እዚያው ብሎክ ላይ ያው ባለ ሁለት መኝታ ባለፈው ወር ስንት እንደተሸጠ ይጠይቃሉ። ያኛው ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ የሳቸው አራተኛ። ስለዚህ ትንሽ ይቀንሳሉ። መነሻው ግን በዓይን የታየ ሽያጭ ነው። ይህ ሌቭል 2ን ይመስላል። አሁን ደግሞ ከከተማው ወጣ ያለ፣ ማንም ሸጦበት የማያውቅ ቦታ ላይ ያለ ቤት እንውሰድ። የሽያጭ ዋጋ የለም። «መንገድ ሲገባ እንዲህ ያወጣል» ብሎ መገመት ብቻ ነው ያለው። ይህ ሌቭል 3 ነው። ሌቭል 1 በቤት አይገኝም። ሁለት ቤት ፍጹም አንድ አይሆንማ። አክሲዮን ግን ይሆናል። የአንድ ድርጅት አንድ ተራ አክሲዮን ከሌላው አይለይም። ሕያው ገበያ ላይ ዛሬ የተገበያየበት ዋጋ ካለ ያንኑ እንዳለ ወስዶ በአክሲዮኑ ብዛት ማባዛት ነው። ምንም ማስተካከያ አይጨመርበትም።

«ሕያው» የምትለው ቃል ዋዛ አይደለችም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። የተመዘገበ አክሲዮን ሁሉ ግን በራሱ ሌቭል 1 አይሆንም። ግብይቱ በበቂ ድግግሞሽና መጠን መካሄድ አለበት። ወር ሙሉ ያልተነካ ዋጋ ሰሌዳው ላይ ስለተጻፈ ብቻ የዛሬ ዋጋ ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ማኅበራችን ልመለስ። ያልተመዘገበውን አክሲዮን ዋጋ ያሰሉት በቀላል ቀመር ነው። የሚቀጥለው ዓመት የትርፍ ድርሻ ይወሰዳል። ከዚያ ለሁለት ቁጥሮች ልዩነት ይካፈላል። አንደኛው ዲስካውንት ሬት ነው፤ ገዢው ለሚወስደው ስጋት በዓመት የሚፈልገው ምላሽ። ሁለተኛው የትርፍ ድርሻው በየዓመቱ ያድጋል ተብሎ የሚታሰበው መቶኛ ነው።

```
ዋጋ = የሚቀጥለው ዓመት የትርፍ ድርሻ / (ዲስካውንት ሬት - ዕድገት)

አምና፦    160 / (25% - 9%)  = 1,000 ብር
ዘንድሮ፦  180 / (22% - 10%) = 1,500 ብር
```

አንዱ አክሲዮን ከ1,000 ወደ 1,500 ብር ወጣ። 500 ብር ጭማሪ በ20,000 አክሲዮን ሲባዛ 10 ሚሊዮን ይሆናል። የተጨበጨበለት 10 ሚሊዮን ይኸው ነው።

አሁን አንድ ነገር እንሞክር። የትርፍ ድርሻው በእርግጥ አድጓል፤ ከ160 ወደ 180 ብር። ይህን እንቀበል። ሁለቱን መቶኛዎች ግን አምና በነበሩበት እንተዋቸው። 180 ለ16 በመቶ ሲካፈል 1,125 ብር ነው። ጭማሪው 125 ብር ብቻ። በ20,000 ሲባዛ 2.5 ሚሊዮን ይሆናል። ከ10 ሚሊዮኑ ውስጥ ድርጅቱ በሥራው ያመጣው ይህን ብቻ ነው። የቀረው 7.5 ሚሊዮን የመጣው አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ 25ን ወደ 22፣ 9ን ወደ 10 ስለለወጠ ነው።

ለመምህርቷ ይህን ሳሳያቸው ዝም አሉ። ከዚያ «ማነው የለወጠው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የወደቀው። ሪፖርቱ ግን ይህን አይናገርም።

ለውጡ ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። ስጋቱ በእርግጥ ቀንሶ ይሆናል። ድርጅቱ ዕዳውን ከፍሎ፣ አዲስ ማሽን ተክሎ ሊሆን ይችላል። ከገበያ የማይታይ ግብዓት፣ ማለትም እንደ ዕድገቱ መቶኛ ያለ የስሌት ቁጥር፣ መጠቀምም ክልክል አይደለም፤ ገበያ ከሌለ ሌላ መንገድ የለም። መመሪያው የሚለው ግብዓቱ ገዢዎች ዋጋ ሲያወጡ የሚያስቡትን ያንጸባርቅ ነው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አንባቢው እንዲያይ አልተደረገም።

ለምን ይህን ያህል ይወዛወዛል? ቀመሩን ልብ በሉልኝ። የምናካፍለው ለሁለት ግምቶች ልዩነት ነው። 22 ሲቀነስ 10፣ 12 ነው። እያንዳንዱ ግምት በትንሹ ቢሳሳት ስህተቱ ያ ትንሽ ልዩነት ላይ ነው የሚያርፈው። ዲስካውንት ሬቱ 24፣ ዕድገቱ 8 ቢሆን ልዩነቱ 16 ይሆናል፤ ዋጋው 1,125 ብር ይወጣል፤ ጠቅላላው 22.5 ሚሊዮን። በተቃራኒው 20 እና 12 ቢሆኑ ልዩነቱ 8 ነው፤ ዋጋው 2,250 ብር፣ ጠቅላላው 45 ሚሊዮን። በ1,500 ብር ተሰልቶ ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው 30 ሚሊዮን ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ እስከ መጨረሻዋ ብር ተጽፎ ቆሟል። በሁለት በሁለት ነጥብ ብቻ ግን ከ22.5 እስከ 45 ሚሊዮን ይሄዳል።

ወደ ላይና ወደ ታች እኩል አለመሄዱንም እዩ። ወደ ታች 7.5 ሚሊዮን፣ ወደ ላይ 15 ሚሊዮን። ልዩነቱ ባነሰ ቁጥር ዋጋው ይፈነዳል። ስለዚህ ትርፍ ማሳየት የፈለገ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። ሁለቱን መቶኛዎች በትንሹ ማቀራረብ ይበቃዋል።

«ሁለት ነጥብ ብዙ ነው» የሚል ይኖራል። መልሴ አጭር ነው። ማኅበራችን ራሱ በአንድ ዓመት ልዩነቱን ከ16 ወደ 12 አውርዶታል፤ አራት ነጥብ። እኔም ልዩነቱን ያንቀሳቀስኩት ያንኑ አራት ነጥብ ነው።

አሁን በጣም ወደ ከነከነኝ ነገር ልምጣ። በማብራሪያው ሰንጠረዥ ላይ ይህ አክሲዮን የተመደበው በሌቭል 2 ነው። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ ዲስካውንት ሬቱ «በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ምጣኔ ላይ የተመሠረተ» ስለሆነ ነው ይላል። እውነት ነው፣ የግምጃ ቤት ሰነድ በጨረታ ስለሚሸጥ ምጣኔው ይታያል። ከ22 በመቶው ውስጥ ግን ከዚያ የመጣው 15 ነው። ቀሪው 7 ስጋት ነው ተብሎ በግምት የተጨመረ ነው። አምናም 15 ነበር የወሰዱት። አምና የተጨመረው ግን 10 ነበር። ማለትም የሚታየው ክፍል ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ የተንቀሳቀሰው የማይታየው ነው። ዕድገቱም ቢሆን ከየትኛውም ገበያ ላይ አይነበብም።

መመሪያው እዚህ ላይ አያሻማም። ዋጋው በሙሉ የሚመደበው ከወሳኝ ግብዓቶቹ መካከል ዝቅተኛው ባለበት እርከን ነው። አንድ ወሳኝ ግብዓት ከገበያ የማይታይ ከሆነ ሌሎቹ ቢታዩም ዋጋው ሌቭል 3 ነው። ወሳኝ መሆኑን ማወቂያው ከባድ አይደለም። የማይታየውን ቁጥር በአሳማኝ ልክ አንቀሳቅሶ ዋጋው ምን ያህል እንደሚለወጥ ማየት ነው። እዚህ 7.5 ሚሊዮን ሲለወጥ አይተናል።

የእርከኑ ቁጥር ለምን ያንገበግበኛል? ሌቭል 3 የሆነ ንብረት ተጨማሪ ማብራሪያ ስላለበት ነው። የተወሰዱት የማይታዩ ግብዓቶች በቁጥር ይገለጻሉ። ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንብረቱ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ በሰንጠረዥ ይታያል። ከትርፉ ውስጥ ገና ያልተሸጠ ንብረት ላይ የታየው ስንት እንደሆነ ይነገራል። ዋጋውን ማን እንደሠራውና በምን ሂደት እንደጸደቀ ይጻፋል። የፋይናንስ ንብረት ሲሆን ደግሞ፣ አሳማኝ የሆነ ሌላ ግምት ዋጋውን በጉልህ የሚለውጠው ከሆነ ያ ለውጥ በቁጥር ይቀርባል። «2» ተብሎ ሲጻፍ ይህ ሁሉ ይቀራል። መምህርቷ «ማነው የለወጠው?» ብለው የጠየቁት መልስ የሚገኝበት ገጽም አብሮ ይቀራል።

ሌቭል 3 ማለት መጥፎ ንብረት ማለት እንዳልሆነም ልጨምር። አንዳንድ ሥራ አስኪያጆች ይህን ቁጥር እንደ ነውር ይሸሹታል። እርከኑ የሚናገረው ዋጋው በምን መረጃ እንደተሠራ ነው። ሌቭል 1 የሆነ አክሲዮን ነገ ሊወድቅ ይችላል። ሌቭል 3 የሆነው ደግሞ ለአሥር ዓመት ጥሩ የትርፍ ድርሻ ሊከፍል ይችላል። ልዩነቱ የመጀመሪያውን ዋጋ ማንም ሰው ማረጋገጥ ስለሚችል ነው። የሁለተኛውን ለማረጋገጥ ግን የገማቹን ሐሳብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሌላም ማረጋገጫ ነበረ። በዚያው ዓመት አንድ የማውቀው ሰው የዚያኑ ድርጅት 300 አክሲዮን ሸጧል። ገዢው ዘመዱ አይደለም። ሻጩም ጭንቅ ላይ አልነበረም፤ ደንበኛ እስኪያገኝ ሁለት ወር ጠብቋል። የሸጠው እያንዳንዱን በ1,050 ብር ነው። 300 አክሲዮን ጥቂት ነው። አንድ ሽያጭ ብቻውን ገበያ አይባልም። ቢሆንም እውነተኛ ገዢ ከኪሱ ያወጣው ብር ነው፤ ግምት ገማቹ ሊያልፈው አይገባም። ቀመሩን ገልብጠን ገዢው ምን እንዳሰበ ማየት እንችላለን። 180 ለ1,050 ሲካፈል 17.1 በመቶ ይመጣል። ገዢው ያየው ልዩነት 17.1 ነው፤ የማኅበራችን 12። የገዢው ከአምናው 16 ጋር ነው የሚቀራረበው። ማኅበራችን ከዚህ ዋጋ ለምን እንደራቀ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ማብራሪያው ላይ ግን ሽያጩ ጭራሽ አልተነሳም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ዝም እል ነበር። ጉባኤው ያን ቀን 8 ሚሊዮን ብር የትርፍ ድርሻ እንዲከፈል ወሰነ። ሠርተን ያገኘነው 6 ሚሊዮን ነው። የጎደለው ከባንክ በኦቨርድራፍት ተወሰደ። መምህርቷ የደረሳቸውን ይዘው ለቤታቸው የውኃ ታንከር ገዙ። ከዚያ ብር ውስጥ የተወሰነው ወለድ የሚከፈልበት ብድር እንደሆነ አልነገሯቸውም። የሥራ አመራሩ ቦነስም የሚሰላው ከ16 ሚሊዮኑ ነው። መቶኛዎቹን የሚመርጠውና በመቶኛዎቹ የሚጠቀመው አንድ ወገን ሲሆን ግምቱ ወደየት እንደሚያዘነብል ኦዲተር አይጠፋውም። የኦዲት መመሪያ 540ም ግምት ወደ አንድ ወገን ማጋደሉን ፈትሹ ይላል። የኛ ሪፖርት ያለ አንዳች ነቀፋ ነው የተፈረመው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 የፋይናንስ ሪፖርት ጉዳይ በእናንተ እጅ ነው። ሪፖርቶቹን ስትመረምሩ የሌቭል 2 ሰንጠረዥን እንዳለ አትቀበሉ። ገበያ ላይ የማይገበያይ አክሲዮን ሌቭል 2 ውስጥ ካገኛችሁ ከዲስካውንት ሬቱ ስንቱ ከሚታይ ቦታ እንደመጣ ጠይቁ፤ ቀሪው ስንት እንደሆነና አምና ስንት እንደነበረም ጠይቁ። የግብዓቱን ስፋት «ከ18 እስከ 28 በመቶ» ብሎ የሚያልፍ ማብራሪያም አይበቃም። በአንድ ድርጅት ውስጥ ብቻ አክሲዮን ያለው ማኅበር የወሰደው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱን ይጻፍ።

ሁለተኛው ልመናዬ ከመመሪያው አንድ እርምጃ ያለፈ ነው። አይኤፍአርኤስ 13 ጭማሪው ከንግድ ውጤት ስንት፣ ግምት ከመለወጥ ስንት እንደመጣ ለይታችሁ አሳዩ ብሎ አያዝም። በኛ አገር ግን የአብዛኛው ድርጅት አክሲዮን ገና ገበያ የለውም። ስለዚህ የሌቭል 3 ጭማሪ በትርፍና ኪሳራ ውስጥ ሲገባ ይህች አንዲት መስመር እንድትጨመር መመሪያ ብታወጡ ብዙ ትጠቅማለች። በኛ ሪፖርት ላይ ብትኖር ኖሮ እንዲህ ትል ነበር፦ የትርፍ ድርሻ በማደጉ 2.5 ሚሊዮን፤ ግምት በመለወጡ 7.5 ሚሊዮን። ይህን ለማስላት ያለፈውን ዓመት መቶኛ በአዲሱ የትርፍ ድርሻ ላይ ማስገባት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንድ ሂሳብ ሠራተኛ ከሻይ በፊት ይጨርሰዋል።

ለባለአክሲዮኖችም አንድ ቃል አለኝ። ጉባኤ ስትገቡ ሪፖርቱን ከኋላ ጀምራችሁ ክፈቱ። የፌር ቫልዩ ማብራሪያውን ፈልጉ። የአምናውን ሪፖርትም አትጣሉት፤ ሁለቱን መቶኛዎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

መምህርቷ ለሚቀጥለው ጉባኤ ጥያቄያቸውን በደብተር ጽፈው አስቀምጠዋል። «22 ያላችሁት ከየት አምጥታችሁ ነው? አምና 25 ስትሉ ምን አስባችሁ ነበር?» ይላል። የእናንተ መልስ ከጉባኤው በፊት ቢደርሰን ደብተሩ ላይ ከጥያቄው ሥር ይጻፋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ባለአክሲዮን
ቱሉ ዲምቱ